አዳዲ ማርያምና መልካ ቁንጡሬ ባንድ ቀን፣ አባባ ሳይደክሙ

ጥያቄ፦ ጀሞ ነው ምንኖረው። እናቴ 68 አባቴ 74 ናቸው፣ አባባ ጉልበቱን ያመዋል፣ አክስቴ ደግሞ ስኳር አለባት። ልጆች አምስት ናቸው ትንሹ 6 ዓመቱ ነው። ባጠቃላይ 17 ሰው ነን ኮስተር እንከራያለን። ባንድ ቅዳሜ ደብረ ሊባኖስ፣ አዳዲ ማርያም፣ መልካ ቁንጡሬ፣ ሲመለሱ ደሞ ብሔራዊ ሙዚየም ማድረስ ፈልጌ ነበር። ሰው ሳይደክምብኝ ፕሮግራሙን እንዴት ላድርገው? አስጎብኚ የሆናችሁ ንገሩኝ።

መልስ፦

እህቴ መጀመሪያ ካርታውን እንይ። ደብረ ሊባኖስ በሱሉልታ ወጥተሽ በጎጃም መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አዳዲ ደግሞ በዓለም ገና ወጥተሽ በቡታጅራ መንገድ ነው። አንዱ ሰሜን አንዱ ደቡብ ማለት ነው እና ሁለቱን ባንድ ቀን ካደረግሽው ከተማውን ሁለቴ ማቋረጥሽ ነው፣ ኮስተሩ ውስጥ ቁጭ ብለው የሚውሉበት ፕሮግራም ይሆናል። እናንተ ጀሞ ስለሆናችሁ ዓለም ገና ቅርባችሁ ነው፣ ስለዚህ ይሄኛው ቅዳሜ የደቡቡ ይሁን፣ አዳዲና የጥንት ሰው ዱካ ተቆፍሮ የወጣበት መልካ ቁንጡሬ ብቻ። ደብረ ሊባኖስ ራሱን የቻለ ሌላ ቀን ይፈልጋል መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ። ብሔራዊ ሙዚየም አምስት ኪሎ የትም አይሄድም፣ በሌላ ሳምንት ከሰዓት ልጆቹን ይዘሽ ብቻ ሂጂ።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገርሽ፣ ብዙ ዓመት ሰው ሳስጎበኝ የተማርኩት ይሄንን ነው። ሰው የሚደክመው በኪሎ ሜትር አይደለም፣ በመሄድም ያን ያህል አይደለም፣ በመቆም ነው። ሙዚየም ውስጥ ሁለት እርምጃ ሄዶ መቆም፣ ሁለት እርምጃ ሄዶ መቆም፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ደግሞ ቁልፍ የያዙት ቄስ እስኪመጡ መቆም፣ ሽንት ቤት ሰልፍ መቆም። ጉልበት የሚያማቸው ሰው ሃያ ደቂቃ ሜዳ ላይ በዝግታ ቢሄዱ ይችሉታል፣ ሃያ ደቂቃ ባንድ ቦታ ቆመው ገለፃ ካዳመጡ ግን አለቁ። ስለዚህ እኔ ፕሮግራም ስሰራ የምቆጥረው የቆምንበትን ደቂቃ ነው። እንደናንተ ዓይነት ግሩፕ ሲሆን አንድ ቦታ ላይ ሳይቀመጡ ከአርባ አርባ አምስት ደቂቃ በላይ አላቆይም፣ በቀን ደግሞ ሁለት ቦታ ብቻ፣ አንዱ ለእግር ከባድ ሌላው ቀላል። ከባዱ ጠዋት።

ከባዱ አዳዲ ነው። ሰዎች ገዳም ገዳም ሲሏት እሰማለሁ፣ ግን አዳዲ ማርያም ካንድ አለት የተፈለፈለች ውቅር ቤተ ክርስቲያን ነች፣ በትውፊት ቅዱስ ላሊበላ ነው የሰራት ይባላል፣ እዛ ለመድረስ ላሊበላ ድረስ መብረር የለብሽም ማለት ነው። ጣሪያዋ ከመሬቱ ጋር እኩል ነው፣ ዙሪያዋን ወደታች የተጠረበ ጥልቅ ቦይ አለ፣ ወደ ቦዩ ወርደሽ ነው ከዛ የምትገቢው። ችግሩም እዚሁ ነው። ደረጃው ሸካራና እኩል ያልሆነ ነው፣ ውስጡ ጨለማ ነው፣ ጫማ ይወለቃል፣ ወለሉ ይቀዘቅዛል ጉርብጥብጥ ነው። ለጉልበት ደግሞ መውረዱ ከመውጣቱ ይብሳል፣ ሰው ግን የሚፈራው መውጣቱን ነው።

አባባን እንዴት ታወርጃቸዋለሽ፦ ከሳቸው ፊት አንድ ጠንካራ ልጅ ቀድሞ ይውረድ፣ እሳቸው እጃቸውን ትከሻው ላይ ያድርጉ፣ ሌላ እጃቸው ግድግዳውን ይያዝ፣ ከኋላ ማንም አይግፋ አይቸኩል። ከኋላ ይዞ ማውረድ ጥሩ ይመስላል ግን ሚዛን ያሳጣል። ጫማ ካወለቁ በኋላ ወፍራም ካልሲ ይኑራቸው፣ ካልሲ ድንጋይ ላይ ሊያንሸራትት ስለሚችል ግን ቀስ ይበሉ። ካልቻሉ ደሞ አታስገድጂያቸው፣ ከላይ ጠርዝ ላይ ሆኖ ጣሪያውን ማየት እኮ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። እንደውም ቤተ ክርስቲያኗ እንዴት ከአለቱ ተቆርጣ እንደወጣች የሚገባሽ ከላይ ሆነሽ ስታይ ነው፣ ከውስጥ ሆነሽ የሚታይሽ ዋሻ ነው። አንዲት ተጣጣፊ ወንበር ኮስተሩ ውስጥ ጣል አድርጊ፣ እሳቸው ጠርዙ አካባቢ ጥላ ስር ቁጭ ብለው ይዩ። በወር አበባ ምክንያት የማይገቡ ሴቶችም ካሉ እንደዛው ከውጪ ሆነው ያያሉ፣ ማንም ባዶ እጁን አልቀረም፣ ይሄንን ግን ከቤት ስትወጡ በጆሮ ብትነግሪያቸው ነው ጥሩ እዛ በር ላይ ደርሰው እንዳያፍሩ።

አንድ ብልሃት ልጨምር። ገለፃውን ውስጥ አታስደርጊ። ጋይድ የሚባለው ሰው ሁሉ (እኔንም ጨምሮ ድሮ) የሚሳሳተው ይሄን ነው፣ ጨለማ ውስጥ አስራ ሰባት ሰው ደርድሮ ታሪክ ያወራል፣ ኋላ ያለው አይሰማም፣ ልጆቹ እርስ በርስ ይገፋፋሉ፣ ትልልቆቹ እግራቸውን ይቀያይራሉ። ታሪኩን ኮስተሩ ውስጥ ተቀምጠው ወይ ግቢው ዛፍ ስር ተቀምጠው ጨርሱት፣ ማን ሰራት ተባለ፣ እንዴት ከላይ ወደታች እየተፈለፈለ ነው የሚሰራው፣ መቅደሱ የት ነው የማይገባበት። ከዛ ስትገቡ ዝም ብሎ ማየት ብቻ ነው፣ አስራ አምስት ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ደግሞ ባንዴ አስራ ሰባታችሁም አትግቡ፣ ዘጠኝ ስምንት ሆናችሁ ለሁለት ተከፈሉ፣ አንዱ ሲገባ አንዱ ይቀመጥ።

አሁን ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ቅዳሴ ነው። እኔ አንዴ የሰራሁትን ልንገርሽ። ካንድ የሴቶች ማኅበር ጋር ሃያ ሁለት ሰው ይዤ ዓርብ ቀን አዳዲ ወሰድኳቸው። ትራፊክ ምናምን ተብሎ አረፈድን፣ እዛ ስንደርስ ከቀኑ 7 ሰዓት ሆኗል። የጾም ቀን ነው፣ ቅዳሴ ገብቷል። በጾም ቀን ቅዳሴ ከሰዓት ገደማ ይገባና ወደ 9 ሰዓት ነው የሚያልቀው ይሄን እያወቅኩ እኮ ነው ፕሮግራም ስሰራ የረሳሁት። እናቶቹ ያው ቅዳሴ ከደረሱማ እንዴት ይቀመጣሉ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆመው አስቀደሱ፣ ደስ ብሏቸዋል ግን ሲያልቅ የአንዲቱ እናት እግር አብጦ ጫማቸው አልገባ አለ። ከዛ መልካ ቁንጡሬ ስንደርስ መሽቶብናል፣ ደጅ ላይ ፎቶ ተነስተን ተመለስን። ጥፋቱ የመንገድም የማንም አልነበረም የኔ ነው።

ስለዚህ ረቡዕና ዓርብ አይሁን፣ ሁዳዴ ውስጥም ከሆነ አዘገዩት (ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሃምሳ ቀናት ግን ረቡዕ ዓርብም አይጾምም፣ እሱ ጥሩ ወቅት ነው)። የወሩ 21ም አይሁን፣ የማርያም ቀን ስለሆነ ሕዝብ ይበዛል፣ ለመሳለም ከሆነ ሂዱ ለመጎብኘት ከሆነ ግን ጣሪያዋንም አታዩትም። ቅዳሜ ያልሽው ትክክል ነው፣ 21 ጋር እንዳይገጥም ብቻ እዪ። ሐምሌና ነሐሴም ይቅር፣ ምክንያቱም አዋሽን ከተሻገርሽ በኋላ ከዋናው አስፋልት ወደ ቀኝ ታጥፈሽ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ጥርጊያ መንገድ አለ፣ ኮስተር ጭቃ ውስጥ ከተያዘ ወርዶ የሚገፋው የናንተ ቤተሰብ ነው።

ሰዓቱን እንዲህ አድርጊው። ከጀሞ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ተነሱ፣ ሲባል 1 ሰዓት ትነሳላችሁ፣ ያው የታወቀ ነው። ዓለም ገና ላይ መኪና ሳይበዛ ማለፍ ነው ዓላማው። ካንድ ሰዓት መንገድ በኋላ ሻይ ቤት ቆማችሁ አስራ አምስት ደቂቃ ሽንት ቤትና ሻይ፣ አክስትሽ እዚህ ጋ ትንሽ ነገር ይቅመሱ። 3 ሰዓት አለፍ ሲል አዳዲ ትደርሳላችሁ። ተቀምጦ ገለፃ፣ ሁለት ዙር መግባት፣ ጠርዙ ላይ መዞር፣ ጠበል የሚፈልግ ይቅመስ፣ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ኮስተር ውስጥ። ያንን 12 ኪሎ ሜትር ተመልሳችሁ መልካ ቁንጡሬ የምትደርሱት 5 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው።

እዚህ ጋ ሰው ሁሉ ተሳስቶ ወደ ሙዚየሙ ቀጥ ብሎ ይገባል ከዛ ነው ምሳ ይላል። ተይው። መጀመሪያ ምሳ። ከቤት ይዛችሁት የመጣችሁትን ጥላ ስር አንጥፉና ብሉ፣ ትልልቆቹ ትንሽ ጋደም ይበሉ፣ ልጆቹ ይሩጡ። አክስትሽ ስኳር ስላለባቸው ምሳቸው ከ6 ሰዓት እንዳያልፍ፣ መድኃኒታቸውን እንዴት እንደሚወስዱ ደሞ ከሐኪማቸው ጋር ቀድመው ይነጋገሩ። ከረሃብ ጋር ሙዚየም የገባ ሰው አንድም ነገር አያይም፣ እመኚኝ። ከምሳ በኋላ 7 ሰዓት ላይ ተነሱ።

መልካ ቁንጡሬ ለናንተ ዓይነት ግሩፕ ጥሩ የሚሆነው ሙዚየሙ ትንንሽ ጎጆዎች ስለሆኑ ነው። ትልቅ ሕንፃ ውስጥ ሲገቡ መውጫው የት እንደሆነ ስለማይታይ ሰው ቀድሞ ይደክማል፣ እዚህ ግን አንዱን ጎጆ አይተሽ ትወጫለሽ፣ አየር ትቀበያለሽ፣ ወደሚቀጥለው። ስለዚህ በጎጆና በጎጆ መሃል አስቀምጪያቸው። ጎጆዎቹ ጠባብ ስለሆኑ እዚህም ለሁለት ተከፈሉ፣ አንዱ ቡድን ጎጆ ውስጥ ሲሆን ሌላው ውጪ ቁጭ ይበል ከዛ ይቀያየሩ። ቁፋሮው የተካሄደበትን ቦታ ለማየት ደግሞ ትንሽ በእግር ያስኬዳል፣ ፀሐይ አለ፣ ባርኔጣ ወይ ነጠላ ራስ ላይ።

ለልጆቹ ሁሉንም ነገር ማሳየት አያስፈልግም። እኔ ሁለት ነገር ብቻ ነው የምይዘው። አንደኛው ባልጩት ነው። ያ ጥቁር መስታወት የሚመስለው ድንጋይ፣ ጎረቤት ባልጩት የሚባል ቦታ ላይ ሞልቶ የሚገኘው፣ ድሮ ሰው ቢላ ያረገው እሱን ነው። ሁለተኛው የሕፃን መንጋጋ ታሪክ ነው። እዚህ አካባቢ የተገኘ የሁለት ወይ የሦስት ዓመት ሕፃን መንጋጋ አለ፣ ዕድሜው ወደ 2 ሚሊዮን ዓመት ነው፣ ሆሞ ኢሬክተስ ነው ብለዋል ተመራማሪዎቹ። የ6 ዓመት ልጅሽን "ካንተ ያነሰ ሕፃን እዚህ ጋ ነበር፣ ጥርስ ነበረው" በይው፣ ከዛ በኋላ ሌላው ሁሉ ድንጋይ አይሆንበትም። ቦታውን በ1963 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው አንድ ሆላንዳዊ የውሃ ባለሙያ ነው፣ በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከባልጩት ጋር አብሮ በዩኔስኮ ተመዝግቧል፣ ይሄን ለትልልቆቹ ንገሪያቸው ደስ ይላቸዋል። ብሔራዊ ሙዚየም በሌላ ሳምንት ስትሄዱ ልጆቹ ድንቅነሽን ሲያዩ ሁለቱን ራሳቸው ያገናኛሉ፣ ባንድ ቀን ብታደርጊው ግን የመጀመሪያው ይጠፋባቸዋል።

ጥያ እንዴት ነው፣ ቅርብ አይደለም እንዴ የሚል ሰው ግሩፑ ውስጥ አይጠፋም። ጥያ በዛው መንገድ ወደ ቡታጅራ ይቀጥላል፣ 36 ትክል ድንጋይ ነው፣ ብዙዎቹ ላይ የሰይፍ ምስል ተቀርጿል፣ በ1980 እ.ኤ.አ. ነው ዩኔስኮ የመዘገበው፣ ያገሬው ሰው የግራኝ ድንጋይ ይለዋል። ለእግር በጣም ቀላል ነው ሜዳ ነው። ግን ሄዶ መመለሱ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል መኪና ይጨምራል፣ ጥላም የለውም። ስለዚህ ሦስተኛ ቦታ አይሁን፣ ከፈለጋችሁ አዳዲን ተውትና ጥያን በሱ ቦታ ተኩት። አባባ ጉልበታቸው ያን ሰሞን ብሶባቸው ከነበረ ይሄ እንደውም የተሻለ ነው፣ መልካ ቁንጡሬና ጥያ ደረጃ የለውም። ውሳኔው ግን የቀድሞ ቀን ማታ ይሁን፣ መንገድ ላይ "እስቲ እዚም ጎራ እንበል" ከተጀመረ ሾፌሩም ይናደዳል ቀኑም ይበላሻል።

ድካም መጀመሩን እንዴት ታውቂያለሽ፦ ትልልቅ ሰው ደከመኝ አይልም፣ "እናንተ ሂዱ እኔ እዚ እጠብቃችኋለሁ" ነው የሚለው፣ ይሄን ከ4 ሰዓት በፊት ከሰማሽ ቀኑን አሳጥሪ። ሁለተኛው ምልክት ከፊት ያለው ሰውና ከኋላ ያለው ሰው ርቀታቸው ሲሰፋ ነው። እና ደግሞ ጥያቄ ሲጠፋ። ጠዋት ጠያቂ የነበረው ሰው ስልኩን ማየት ሲጀምር በቃ ጨርስ ማለቱ ነው። እንደዛ ሲሆን የሚቀረውን ጎጆ ዝለሉት፣ ማንም አያስተውልም። 8 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሱ፣ ወደ 10 ሰዓት ተኩል ጀሞ ገብታችኋል፣ ልጆቹ መኪና ውስጥ ይተኛሉ።

ስለ ደብረ ሊባኖስ። እሱ ትክክለኛ ገዳም ነው፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው ክፍለ ዘመን የመሠረቱት፣ ሙዚየምም ግቢው ውስጥ አለ። በ1929 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ፋሺስቶች መነኮሳቱንና ምዕመናኑን የፈጁበት ቦታም ነው፣ ስለዚህ ትልልቆቹ ዝም ብለው የሚቀመጡበት ጊዜ ስጫቸው፣ ሩጫ አይሆንም። አቡነ ተክለ ሃይማኖት የጸለዩበት ዋሻ ጋ ለመድረስ ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ዳገት አለ፣ አባባ ይሄን አይሞክሩት፣ ታች ቤተ ክርስቲያኑና ሙዚየሙ ይበቃቸዋል፣ የፈለገ ወጥቶ ይመለስ እነሱ ቡና እየጠጡ ይጠብቁ። የፖርቹጋል ድልድይ የሚባለው ደግሞ ከገዳሙ ወጣ ብሎ ነው፣ ስሙ የፖርቹጋል ይሁን እንጂ ያሠሩት ራስ ዳርጌ ናቸው፣ ቁልቁለትና ድንጋይ አለው፣ ከሱ ይልቅ ከላይ ሆናችሁ ገደሉን ብታዩ ይሻላል፣ ጭላዳዎቹም ካሉ እዛው አካባቢ ይታያሉ። ነሐሴ 24ና ግንቦት 12 የንግስ ቀን ስለሆነ መኪና ማቆሚያም አታገኙም። እና የመንገዱን ሰላም ጉዳይ ከመሄዳችሁ ሁለት ቀን በፊት በዛ መስመር ዘወትር የሚሄድ ሾፌር ጠይቁ፣ እሱ ካልተመቸው አትሂዱ።

የሚቀርሽ ሦስት ስልክ ነው። ሐሙስ ቀን አዳዲ አካባቢ ሰው ካለሽ ደውይና ቁልፍ የያዙት ቄስ ቅዳሜ ጠዋት እዛ መሆናቸውን አረጋግጪ፣ ቀብር ወይ ማኅበር ሊሄዱ ይችላሉ። ሙዚየሙ ክፍት መሆኑን ጠይቂ፣ መግቢያ በካሽ ስለሚሆን ዝርዝር ብር ይዘሽ ሂጂ። ሾፌሩን ደግሞ ጥርጊያ መንገድ እንዳለው ቀድመሽ ንገሪው፣ ደርሶ ከሚያኮርፍ ዋጋውን አሁኑኑ ይናገር።